የአንድ ሰልጣኝ ሁለት ውጤት፦ ጥንድ ወይስ ነጻ ቲ-ቴስት?

በሚኒሶታ ግዛት፣ በኢገን ከተማ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚዘጋጁ ስድስት ኢትዮጵያውያን ሰልጣኞች ለምሳሌ ይወሰዱ። አጠቃላይ የዕውቀት ፈተናው 50 ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍ ቢያንስ 40ዎቹን በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። አሰልጣኙ በዚሁ ልክ የመለማመጃ ፈተና ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ሰጣቸው እንበል። በፊት 20፣ 24፣ 30፣ 34፣ 40 እና 44 አገኙ፤ በኋላ በዚያው የስም ተራ 26፣ 27፣ 35፣ 36፣ 45 እና 47። አማካዩ ከ32 ወደ 36 ከፍ አለ። ይህ የ4 ነጥብ ጭማሪ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላልን?

ነጻ ቲ-ቴስት የተሠራው እርስ በርስ ለማይገናኙ ሁለት ቡድኖች ነው። እዚህ ላይ ቢሠራበት አሥራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የተፈተኑ ያህል ይቆጥራል። በሰልጣኞቹ መካከል ያለው ሰፊ የዕውቀት ርቀት፣ ማለትም ከ20 እስከ 44 የተዘረጋው፣ በሙሉ ወደ ስሌቱ ይገባና የአማካዮቹን ልዩነት መደበኛ ስህተት ወደ 5.19 ያደርሰዋል። 4 ለ5.19 ሲካፈል 0.77 ይሆናል፤ በ5 በመቶ ደረጃ የሚጠበቀው ወሰን ግን 2.23 ስለሆነ ጭማሪው እንደሌለ ይቆጠራል።

ጥንድ ቲ-ቴስት እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቶቹ 6፣ 3፣ 5፣ 2፣ 5 እና 3 ናቸው። አማካያቸው ያው 4 ነው፤ መደበኛ ልይይታቸው ግን 1.55 ብቻ ነው። ይህ ለ6 ስኩዌር ሩት ሲካፈል መደበኛ ስህተቱ 0.63 ይሆናል፤ ቲ ደግሞ 6.32 ይደርሳል። ወሰኑ 2.57 ነው። ጭማሪው ያው፣ መልሱ ግን ተገላቢጦሽ።

በኤክሴል ሁለቱን የሚለየው የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ 1 ጥንድ፣ 2 ደግሞ ነጻ ማለት ነው፦

```
=T.TEST(B2:B7,C2:C7,2,1)
```

አንዱን ዓምድ ብቻ በመጠን ቅደም ተከተል የደረደረ ሰው ጥንዶቹን ያፈርሳል፤ የT.TEST ቀመሩም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በሌሎች ሰዎች ሪፖርት ላይ ስህተቱን የሚያጋልጠው የነጻነት ደረጃው ነው፦ ስድስት ሰዎች ሁለት ጊዜ ተፈትነው 10 ከተጻፈ ነጻው ተሠርቶበታል፤ ትክክለኛው 5 ነው። የፈተናው ወረቀት ስም ወይም መለያ ቁጥር ከሌለው ግን ማጣመር አይቻልም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው ከስሌቱ ሳይሆን ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት ነው።

ጥንዱ ውጤቱ መሻሻሉን እንጂ ምክንያቱን አይነግርም፤ ሰልጣኞቹ ጥያቄዎቹን ለምደዋቸው ይሆናል። ይህን ለመለየት ሳይሠለጥን ሁለት ጊዜ የሚፈተን ሌላ ቡድን ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የእያንዳንዱ ሰው ጭማሪ ይወጣና የሁለቱ ቡድኖች ጭማሪ ይነጻጸራል። ሰዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነጻ ቲ-ቴስት ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚያ ነው።