ዝቅተኛው ደመወዝና የአሳላፊው ጉርሻ

በአሜሪካ አገር ከትምህርታቸው ጐን በምግብ ቤት በአሳላፊነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ቢከፍለው፥ ተበድሏልን ወይስ አልተበደለም? መልሱን ለማግኘት ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል።

የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ የተደነገገው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1938 በወጣው የሥራ ሕግ ነው። ልኩን የሚወስነው ምክር ቤቱ ስለሆነ፥ ኑሮ ቢወደድም ሕጉ ካልተሻሻለ በስተቀር ደመወዙ በራሱ ከፍ አይልም። ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኖ የቆየውም ስለዚህ ነው። ክፍላተ አገሩ ግን ከዚህ የሚበልጥ ልክ ማውጣት ይችላሉ፤ ሁለቱ ሕጎች የተለያዩ እንደሆነ ሠራተኛው የሚያገኘው የሚበልጠውን ነው። ቴክሳስ የራሷን ከፍ ያለ ልክ ስላላወጣች በዚያ የሚሠራበት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ሠራተኛው የውጭ አገር ሰው በመሆኑም ልኩ አይቀነስበትም።

ለአሳላፊ ልዩ አንቀጽ አለ። አሠሪው አስቀድሞ ለሠራተኛው ካስታወቀ፥ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ከፍሎ የቀረውን ከደንበኞች በሚገኘው ጉርሻ እንዲሞላ ማድረግ ይችላል። ነገር ግን ጉርሻው ካልሞላው ጉድለቱን አሠሪው ከኪሱ መክፈል ግዴታው ነው። ብዙዎች የሚታለሉት በዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ በዳላስ ከተማ የሚሠራ አንድ አሳላፊ በሳምንት 40 ሰዓት ሠርቶ 180 ዶላር ጉርሻ አገኘ እንበል። ከአሠሪው የሚያገኘው 85 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፤ ከጉርሻው ጋር 265 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ሕጉ የሚያዘው ግን 40 ጊዜ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም፥ ይኸውም 290 ዶላር ነው። ስለዚህ አሠሪው 24 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይጨምርለታል። በተከታዩ ሳምንት ጉርሻው 300 ዶላር ቢሆን አሠሪው «ያለፈው በዚህ ተካክሷል» ሊል ይችላል። ይህ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ሳምንት ለብቻው ይታሰባልና።

ሒሳቡን ለመመርመር ሠራተኛው ሦስት ነገሮችን በየቀኑ በደብተር ይጻፍ፤ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፥ ያገኘውን ጉርሻ፥ ከጉርሻውም የተወሰደበት ካለ ማን እንደ ወሰደ። ቤቱ ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ በማጽዳት የዋለው ጊዜም የሥራ ሰዓት ነው፤ ይህ ከመዝገብ ከቀረ ጉድለቱ ይሸፈናል። ከጉርሻው ሥራ አስኪያጁ ድርሻ እንዳይወስድ በ2018 የወጣው ሕግ ይከለክላል።

ደብተሩና የደመወዙ ወረቀት ካልተስማሙ በመጀመሪያ አሠሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። እምቢ ካለ አቤቱታው የሚቀርበው ለሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሰዓት ክፍል ነው። ጊዜው ግን ያልፋል፤ ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ፥ አሠሪው ሆን ብሎ ያጠፋ እንደሆነ በ3 ዓመት ውስጥ ነው።