ገደቡ በማን ስም ነው የታሰረው? የልጅን የኮምፒውተርና የጌም ሰዓት ስለ መወሰን

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አጋማሽ ላይ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማንቀላፋት አበዛ። ወላጆቹን ጠርተን ስናነጋግር እናቱ «በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የፈቀድንለት፤ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዘጋበታል» አሉን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። የኮምፒውተር መምህራችንም ላፕቶፑን ቅዳሜ ይዘው እንዲመጡ ጠየቋቸው።

ቅዳሜ ላይ ስናየው እናትየው እውነታቸውን ነበር። ገደቡ በስልካቸው ላይ በትክክል ተሞልቷል። ነገር ግን በላፕቶፑ ላይ ሦስት አካውንቶች ነበሩ። አንዱ ላፕቶፑን ከውጭ አገር የላከው አጎት የከፈተው፣ የይለፍ ቃል የሌለው ነው። ሁለተኛው የአባትየው፣ ሦስተኛው ልጁ ራሱ የከፈተው ነው። ገደቡ የተሞላበት የልጁ የኢሜይል አካውንት ግን በዚያ ላፕቶፕ ላይ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ማንም በማያልፍበት በር ላይ ዘበኛ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ወላጆች ከሁሉ በፊት እንዲረዱት የምንፈልገው ይህንን ነው። ገደቡ የሚታሰረው በሣጥኑ ላይ ሳይሆን በአካውንቱ ላይ ነው። ልጁ በሌላ አካውንት መግባት ከቻለ የሰዓቱ ገደብ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከሰዓቱ ሳይሆን ከበሮቹ ነው። ከዚህ በታች የምንገልጸው ያን ቅዳሜና በቀጣዮቹ ሳምንታት ከእነዚህ ወላጆች ጋር በዊንዶውስ ላፕቶፑ ላይ የሠራነውን ነው።

በመጀመሪያ በሮቹን ዘጋን። በአባትየው አካውንት ገብተን «Settings» ከዚያም «Accounts» ከፈትን። «Your info» በሚለው ገጽ ላይ ከስሙ ሥር «Administrator» የሚል ቃል ካለ፣ ያ አካውንት ኮምፒውተሩን እንደ ፈለገ የሚያዝ አስተዳዳሪ ነው። ልጁ ራሱ የከፈተው አካውንት አስተዳዳሪ ሆኖ አገኘነው። አስተዳዳሪ የሆነ ልጅ አዲስ አካውንት ከፍቶ ከገደቡ መውጣት ይችላል። ስለዚህ በዚያው «Accounts» ሥር ወዳለው የሌሎች ተጠቃሚዎች ዝርዝር ሄደን፣ «Change account type» በሚለው «Standard User» አደረግነው። የአጎቱን አካውንት ውስጡ የሚፈለግ ፋይል አለመኖሩን አይተን አጠፋነው። ለአባትየው አካውንት አዲስ የይለፍ ቃልና አዲስ ፒን አወጣን። የድሮው ፒን የልጁ የልደት ዓመት ስለነበር ለልጁ ምሥጢር አልነበረም።

ቀጥሎ በዚያው «Accounts» ውስጥ «Family» ከሚለው ገብተን የልጁን አካውንት ወደ ቤተሰቡ ቡድን ለመጨመር ሞከርን። እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። የልጁ አካውንት የአዋቂ ሰው ነበር። ልጁ ዋሽቶ አልነበረም። አካውንቱን ከዓመታት በፊት የከፈቱለት አባቱ ናቸው፤ የልደት ቀኑንም እንደ ልማዳችን 2006 ብለው ሞልተውታል። ልጁ የተወለደው መጋቢት 12 ቀን 2006 ዓ.ም ነው፤ ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 21 ቀን 2014 ነው። አካውንቱ ግን የኢትዮጵያን ዘመን አያውቅምና የተጻፈለትን አምኖ ልጁን በ8 ዓመት አስረጀው። አዋቂ የሆነ አባል ደግሞ ከቤተሰቡ ቡድን በራሱ ፈቃድ መውጣት ይችላል፤ ስለዚህ ገደቡ በልጁ ፈቃድ ላይ የቆመ ይሆናል። ለዚህ ልጅ አዲስ የልጅ አካውንት በትክክለኛው ቀን ከፈትንለት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ለተወለዱ ልጆች ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለዱት 8 ዓመት መሆኑን አስታውሱ። ወሩንና ቀኑንም ከፓስፖርት ወይም ከልደት ምስክር ወረቀት ላይ አይታችሁ ሙሉ።

አዲሱ አካውንት ከተከፈተ በኋላ ልጁ በላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔት ባለበት አንድ ጊዜ እንዲገባበት አደረግን። ይህ ካልተደረገ ወላጁ ገደቡን በሚሞላበት ገጽ ላይ ላፕቶፑ አይታይም። የድሮው አካውንቱም ፋይሎቹ ከተገለበጡ በኋላ ከላፕቶፑ ላይ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰዓቱ ገባን። ወላጅ ገደቡን የሚሞላው ከልጁ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በራሱ አካውንት ገብቶ በ family.microsoft.com ወይም «Family Safety» በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። በዚያ «Screen time» በሚለው ሥር ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ነገር ይሞላል። አንደኛው በቀን ስንት ሰዓት የሚለው መጠን ነው። ሁለተኛው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት የሚለው ክልል ነው። እኛም ለወላጆች በበተንነው ወረቀት «በትምህርት ቀናት ከ11 እስከ 2 ሰዓት ይበቃል» ብለን ጻፍን።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ያው ተማሪ በማኅበራዊ ትምህርት በኮምፒውተር ተጽፎ የሚሰጥ የቤት ሥራ ሳያቀርብ ቀረ። «ኮምፒውተሩ አላስገባኝም» አለ። ቤቱም ለሦስት ቀን ይህንኑ ሲናገር ወላጆቹ «ደግሞ ምን ዘዴ አመጣህ?» ብለው ተቆጥተውታል። መምህሩም ነጥብ ቀነሱበት። የኮምፒውተር መምህራችን የእናትየውን ስልክ ሲያዩ ክልሉ ከ11:00 AM እስከ 2:00 PM ተሞልቷል። ያ ማለት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ልጁ እኛ ዘንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ልጁ እውነቱን ነበር የተናገረው። ጥፋቱ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈን ያለ ማብራሪያ የበተንነው የእኛ ነበር። ነጥቡን መለስንለት፤ በወላጆቹም ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።

እዚህ ናይሮቢ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ ስሕተቱ ዓይን ውስጥ አይገባም። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። መላው ቀላል ነው። በእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ። ከሌሊቱ 6 እስከ ቀኑ 6 ያለው AM፣ የቀረው PM ነው። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት 5:00 PM፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 8:00 PM ይሆናል። ከውጭ አገር በመጣ ኮምፒውተር ላይ የሰዓት ቀጠናውንም ተመልከቱ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የአዲስ አበባም የናይሮቢም ሰዓት የሚገኘው «(UTC+03:00) Nairobi» በሚለው ሥር ነው። «Standard User» የሆነ ልጅ ሰዓቱን ማዞር አይችልም፤ ቀጠናውን ግን መለወጥ ይችላል። ገደቡ ባልታሰበ ሰዓት ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

የቤት ሥራው ነገር ሌላም ነገር አስተማረን። አንድ ሰዓት ብሎ ለሙሉ ኮምፒውተሩ መወሰን ጌሙንና ጽሑፉን በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ሰዓቱ የሚቆጥረውም ልጁ በአካውንቱ ገብቶ እስካለ ድረስ ነው፤ ሳይወጣ ወይም ስክሪኑን ሳይቆልፍ ራት ሊበላ ከሄደ ጊዜው ይበላበታል። ስለዚህ ሁለቱን ለየናቸው። ለኮምፒውተሩ ክልሉን ብቻ ከ5:00 PM እስከ 8:00 PM አደረግን፤ ይህ እንቅልፉን ይጠብቃል። አንድ ሰዓቱን ግን «Apps and games» ከሚለው ገብተን በሚጫወተው ጌም ላይ ብቻ ጣልን። ጌሙ በዝርዝሩ የሚታየው ልጁ በዚያ አካውንት አንድ ጊዜ ከከፈተው በኋላ ስለሆነ፣ ካላገኛችሁት ልጁ ይክፈተውና እንደገና ፈልጉ። ወላጅ የሚያደርገው ለውጥ ወደ ላፕቶፑ የሚደርሰው ኢንተርኔት ሲኖር መሆኑንም አትርሱ።

ፕሌይስቴሽን 5 ያላችሁ ቤተሰቦችም መንገዱ ያው ነው፤ በሮቹ ይቅደሙ። በ«Settings» ውስጥ «Family and Parental Controls» ከዚያም «PS5 Console Restrictions» ክፈቱ። የሚጠየቀው ቁልፍ ከፋብሪካው ሲወጣ 0000 ነው። ይህን ማንኛውም ልጅ ከጓደኛው ይሰማልና ወዲያው ለውጡት። ቀጥሎ «User Creation and Guest Login» የሚለውን ከልክሉ፤ አለዚያ ልጁ በእንግዳ ስም ገብቶ ይጫወታል። በልጁ አካውንት ላይ የጨዋታ ጊዜውን ስትሞሉ ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ። አንዱ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ሌላው ከማሽኑ ማስወጣት ነው። ብዙ ጊዜ «ገደቡ አይሠራም» የሚባለው ማሳወቅ ብቻ ተመርጦ ነው።

በመጨረሻም ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ፈትኑት። የጌሙን ገደብ ለአንድ ቀን 15 ደቂቃ አድርጉና ልጁ ሲጫወት ምን እንደሚያይ አብራችሁ እዩ። በስክሪኑ ላይ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቂያ ይመጣል፤ ጥያቄውም ወደ ወላጁ ስልክ ወይም ኢሜይል ይሄዳል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ወላጅ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የእኛ ተማሪ አባት በመጀመሪያው ሳምንት አንዱንም ጥያቄ አላዩም ነበር፤ ይመጣ የነበረው ወደማይከፍቱት ኢሜይል ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ገደቡ የአባትን ስልክ፣ የሳሎኑን ቴሌቪዥንና የጎረቤትን ማሽን አይነካም። ለእነዚያ የሚሠራው ዓይናችሁና ቃላችሁ ነው።

ያ ተማሪ አሁን ሰባተኛ ክፍል ገብቷል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አያንቀላፋም። በዚህ ዓመት መጀመሪያ እናቱ የክልሉን ሰዓት ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ተቀምጦ «እማዬ፣ PM መሆኑን እይው» ያላቸው እሱ ነው። እኛም ለወላጆች በምንበትነው ወረቀት ላይ አሁን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ እንጽፋለን፤ አንድ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር፣ አንድ ጊዜ በኮምፒውተሩ።