በፎቶ የተላከን የሎጂክ እንቆቅልሽ ደረጃ በደረጃ መፍታት

የመጽሔት ገጽ በስልክ ተነሥቶ ሲላክላችሁ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሰንጠረዡ ነው። ቀድሞ መመርመር ያለበት ግን ጽሑፉ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ የፍንጮቹን ተራ ቁጥር ተከተሉ፤ የዘለለ ቁጥር ወይም ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያው ይታያል። ሌላ ሰው በእርሳስ ያሰፈረውን ምልክት አትመኑት፤ የታተመው ብቻ ነው ፍንጭ።

ለምሳሌ ፎቶው ላይ ያለው እንቆቅልሽ ይህ ነው እንበል። አስቴር፣ ብርቄ፣ ጫልቱና ደስታ ገበያ የደረሱት በተለያየ ተራ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ነው። አንዷ ቡና፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ በርበሬ ትሸጣለች።

1. ቅቤ ሻጯ የደረሰችው ከአስቴር በኋላ ነው፤ ወዲያው ተከትላት ግን አይደለም።
2. አስቴር የደረሰችው ማር ሻጯን ወዲያው ተከትላ ነው።
3. ከደስታና ከብርቄ አንዷ ቡና ሻጭ ናት፤ ሌላዋ መጨረሻ የደረሰችው ናት።
4. ደስታ ከብርቄ ቀድማ ደርሳለች።

ደረጃ 1፦ ሰንጠረዡን ወረቀት ላይ ገልብጡ። ሦስት ክፍል ይኖረዋል፦ ስም ከተራ፣ ስም ከሸቀጥ፣ ሸቀጥ ከተራ። እያንዳንዱ 4 በ4 ነው። የማይሆነው ላይ ኤክስ፣ የተረጋገጠው ላይ ራይት ይደረጋል። አንድ ራይት ሲገባ በዚያው ክፍል ውስጥ በረድፉም በአምዱም የቀሩት ሳጥኖች ሁሉ ኤክስ ይሆናሉ።

ደረጃ 2፦ ፍንጭ 1። ፍንጩ ስለ ሁለት ሴቶች ስለሚናገር አስቴር ራሷ ቅቤ ሻጭ አይደለችም። ይህች ኤክስ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በቃል ስላልተጻፈች ብዙ ጊዜ ትረሳለች። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ ስለዚህ አስቴር 3ኛም 4ኛም ልትሆን አትችልም፤ ቅቤም 1ኛና 2ኛ ላይ አይገኝም።

ደረጃ 3፦ ፍንጭ 2። አስቴር ማር ሻጭ አይደለችም። ከፊቷ ሰው ስላለ 1ኛም አይደለችም፤ የቀራት 2ኛ ብቻ ነውና ራይት። ማር ሻጯ 1ኛ ናት። አሁን ወደ ፍንጭ 1 ተመለሱ። አስቴር 2ኛ ከሆነች ወዲያው የምትከተላት 3ኛዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ቅቤ ሻጭ አይደለችም። ስለዚህ ቅቤ 4ኛ ላይ ነው። አዲስ ራይት በተገኘ ቁጥር ያለፉትን ፍንጮች መልሶ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፍንጭ 1 መጀመሪያ ሲነበብ ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር።

ደረጃ 4፦ ፍንጭ 3። ደስታ ትሁን ብርቄ ቡና የምትሸጠው ገና አይታወቅም፤ ራይት ለማድረግ አትቸኩሉ። ኤክሶቹ ግን ብዙ ናቸው። ቡና የሁለቱ የአንዳቸው ስለሆነ አስቴርና ጫልቱ ቡና አይሸጡም። መጨረሻ የደረሰችውም ከሁለቱ አንዷ ስለሆነች ጫልቱ 4ኛ አይደለችም።

አሁን የአስቴርን ረድፍ እዩ፦ ማር፣ ቅቤና ቡና ወጥተዋል፤ የቀረው በርበሬ ነው። አስቴር 2ኛ ስለሆነች በርበሬም 2ኛ ነው፤ ይህን ራይት ወደ ሸቀጥና ተራ ክፍል አሻግሩት። ለቡና የቀረው 3ኛ ነው።

ደረጃ 5፦ ፍንጭ 4። ደስታ ከብርቄ ከቀደመች መጨረሻ የደረሰችው እሷ አይደለችም። በፍንጭ 3 መሠረት እንግዲህ ቡና ሻጯ ደስታ፣ መጨረሻ የደረሰችው ብርቄ ናት። ደስታ 3ኛ፣ ብርቄ ቅቤ ይዛ 4ኛ።

ጫልቱ ስሟ በአንድም ፍንጭ አልተነሣም፤ በቀረው ቦታ ገብታ 1ኛና ማር ሻጭ ትሆናለች። በ1962 በላይፍ ኢንተርናሽናል መጽሔት በወጣው የታወቀው የሜዳ አህያ እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው፤ የሜዳ አህያው የማን እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ ፍንጮቹ ስሙን አያነሡም።

ደረጃ 6፦ መልሱን ፈትሹ። አራቱን ፍንጮች ከመልሱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ከዚያ ሌላ መልስ ይኖር እንደሆነ እዩ፤ በፎቶ የመጣ እንቆቅልሽ የሚበላሸው በዚህ ነው። የፍንጭ 1 መጨረሻ፣ «ወዲያው ተከትላት ግን አይደለም» የሚለው፣ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሌላ መልስም ይገጥም ነበር፦ ደስታ ቡና 1ኛ፣ ጫልቱ ማር 2ኛ፣ አስቴር በርበሬ 3ኛ፣ ብርቄ ቅቤ 4ኛ። እንዲህ ሁለት መልስ ሲወጣ፣ ወይም ሁሉንም ፍንጭ ጨርሳችሁ ባዶ ሳጥን ሲቀር፣ በግምት አትሙሉት። ላኪው ገጹን ዘርግቶ፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርጎ እንደገና ያንሣው።