የእቁብ ቃለ ጉባኤ አያያዝ

የእቁብ ጸሐፊ ደብተር ሁለት ነገር መመለስ አለበት፤ ማን ጣለ፣ ማን በላ። በየእሑዱ 1,000 ብር የሚጣልበትን ባለ 20 እጣ እቁብ እንውሰድና የ7ኛውን ዙር ቃለ ጉባኤ አብረን እንጻፍ።

ከላይ ቀኑን፣ የዙሩን ቁጥርና የተገኙትን ሰዎች አስፍሩ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን እጣ መዋጮ በቁጥሩ መዝግቡ። 15ኛው እጣ ለሁለት የተያዘ ከሆነ 500 እና 500 ብር በየስማቸው ይጻፋል፤ አለዚያ አንዱ ሲቀር የሌላው ስም አብሮ ይጠፋል። ጥሬ ብሩንና በቴሌብር የገባውን ለየብቻ ደምሩ። በጥሬው 12,500፣ በቴሌብር 6,500፣ በድምሩ 19,000 ሆነ እንበል። 1,000 ብር ጎድሏል።

የጎደለው የ4ኛው እጣ ነው፤ ባለቤቱ በ3ኛው ዙር በልቷል። በስልክ ሲጠየቅ «ልኬያለሁ» ይላል። የገንዘብ ያዡ ስልክ ሲታይ ከእሱ የመጣው የመጨረሻው ክፍያ ያለፈው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ «ጭቅጭቅ ተነሳ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ባለጉዳዩ ያለው፣ በስልኩ ላይ የታየው፣ ዳኛው የወሰነው በሦስት መስመር ይስፈር፤ ውሳኔው ለምሳሌ «ዋሱ 1,000 ብር ዛሬ ከፈለ፤ ባለእጣው ገንዘቡን ለዋሱ ይመልሳል፤ በደንቡ መሠረት 50 ብር ቅጣት እስከሚቀጥለው እሑድ ይከፍላል»። አሁን 20,000 ሞላ።

እጣ የሚወጣው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስድስት ሰው ስለበላ 14 ወረቀት በሁሉም ፊት ተቆጥሮ እቃ ውስጥ ይገባል፤ ቁጥሩም ይጻፋል።

ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። እጣው ለ11ኛው ወጣ፤ 16ኛው ግን ልጁን ሊድር ስለሆነ 1,000 ብር ጨምሮ ተራውን ገዛው። ደብተሩ «11 ደረሰው» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ገንዘቡን ያልወሰደው ሰው የበላ ይሆናል፤ የወሰደው ደግሞ ወረቀቱ እቃው ውስጥ ይቀርና ሁለተኛ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ «እጣው ለ11 ወጣ፤ በስምምነት ለ16 በ1,000 ብር ተሸጠ፤ 20,000 ብር የወሰደው 16 ነው፤ የ11 ወረቀት ተመለሰ፤ የ16 ወጣ»። ዋስ የሚጠራውም 16ኛው እንጂ 11ኛው አይደለም።

በመጨረሻ ጽሑፉ ሰው ሳይበተን ጮክ ተብሎ ይነበብ። ስህተት ከተገኘ በአንድ መስመር ተሰርዞ ዳኛው አጠገቡ ይፈርምበት፤ በነጭ ቀለም የተሸፈነ ቁጥር በኋላ ማንም አያምነውም። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ወሳጁና ዋሱ ይፈርሙ። ዋሱ ካልመጣ፣ እሱ እስኪፈርም ድረስ ገንዘቡ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቆያል፤ ይህም በደብተሩ ይጻፋል።