የመዳፍ ጠርዝ መስመሮችና የጋብቻ ቍጥር

መዳፍ አነባለሁ የሚል ተማሪ የሰው እጅ ሲይዝ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው ከትንሿ ጣት በታች፣ በመዳፉ ጠርዝ ላይ ያሉትን አጫጭር መስመሮች ነው። ሁለት ካገኘ «ሁለት ጊዜ ታገቢያለሽ» ይላል። ነገሩ ለሳቅ የተባለ ቢሆንም፣ ለታጨች ልጅ ግን «የመጀመሪያው ትዳርሽ ይፈርሳል» ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ቈጠራ ምን መሠረት እንዳለው መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ መስመሮቹን እንለያቸው። እጃችንን በመጠኑ አጥፈን ጠርዙን ወደ ብርሃን ስናዞር፣ በትንሿ ጣት ሥርና የልብ መስመር በሚባለው ትልቅ እጥፋት መካከል አግድም የተሰመሩ ይታያሉ። ቍጥራቸው በቀኝና በግራ እጅ ላይ እንኳ ሊለያይ ይችላል። እንግዲህ ቈጣሪው ገና ሥራውን ሳይጀምር «በየትኛው እጅ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

መቍጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውደ ነገሥት የአንድ ሰው ኮከብ የሚታወቀው የራሱና የእናቱ ስም ፊደላት በቍጥር ተደምረው በ12 ሲገደፉ ነው። እዚያ ሒሳቡ ራሱ ጥበቡ ነው። የመዳፍ ንባብ መጻሕፍት ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አያዙም። እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1936 የኖረውና ካይሮ በሚል የብዕር ስም የታወቀው አየርላንዳዊ መዳፍ አንባቢ፣ ጋብቻን የሚመለከቱት ረጃጅሞቹ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ አጫጭሮቹ ጥልቅ ፍቅርን ወይም ታስቦ የቀረ ጋብቻን ያመለክታሉ ብሎ ጽፏል። አሜሪካዊው ዊልያም ቤንሃምም እ.ኤ.አ. በ1900 ባወጣው መጽሐፉ የፍቅር መስመሮች ብሎ ጠራቸው እንጂ የሠርግ መዝገብ አላደረጋቸውም። እንግዲህ መስመር ቈጥሮ ጋብቻ የሚናገር ሰው የሙያውን ሕግ እንኳ አልጠበቀም።

ካይሮ ዕድሜን የሚያመለክት መሰላልም ሠርቷል። ለልብ መስመር የቀረበው መስመር ከ14 እስከ 21 ዓመት፣ በመካከል ያለው ከ21 እስከ 28፣ ከዚያ ከፍ ያለው ከ28 እስከ 35 የሚሆን ጋብቻን ያሳያል ይላል። ይህን መሰላል ወደ እኛ አገር ስናመጣው ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ግማሾቹ ያህል የተዳሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን በታች ይቀራሉ። መሰላሉ የተሠራው በሌላ አገር ልማድ ነውና።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት የዳንግላ አካባቢ ሴት በ13 ዓመቷ ተድራ ተፋታች፤ በ25 ዓመቷ ደግሞ በሰማንያ አገባች እንበል። በቀኝ እጇ ሦስት መስመሮች አሉ፤ ታችኛውና ላይኛው አጭር፣ መካከለኛው ረጅምና ጥልቅ። ቈጣሪው «ሦስት ባል» ይላል። የካይሮን ሕግ የሚከተለው ረጅሙን ብቻ ይዞ «አንድ ጋብቻ፣ ከ21 እስከ 28 ዓመት ባለው ጊዜ» ይላል። እውነተኛው ግን ሁለት ነው። ታሪኳን ከሰማ በኋላ አንባቢው «ታችኛዋ አጭር መስመር የልጅነቱ ጋብቻ ነበረች» ቢል፣ አጭር መስመር ጋብቻ አይደለም የሚለውን የራሱን ሕግ አፈረሰ። ስሕተቱ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ትርጉሙ መልሱን ተከትሎ ይለዋወጣል።

ከዚህም በላይ ጋብቻ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አባቶቻችን ቍርባንን፣ ሰማንያንና ደሞዝን ለይተው ያውቁ ነበር። የቍርባኑ የማይፈታ፣ የደሞዙ ጊዜያዊ ነው። መስመሩ የትኛውን ይቈጥራል? ሦስቱንም ቢሉ፣ አንዱን ብቻ ቢሉ፣ ከእጁ ላይ የሚነበብ ምክንያት የለም።

መስመሩ ታዲያ ምንድን ነው? ቆዳ በሚታጠፍበት ቦታ የሚሠራ እጥፋት ነው። ትንሿን ጣት ወደ መዳፍ አጥፋችሁ ተመልከቱ፤ መስመሮቹ ይጠልቃሉ፤ እጅ ሲዘረጋ ይሳሳሉ። የመዳፍ ትልልቆቹ እጥፋቶች ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ይሠራሉ፤ ጥቃቅኖቹ ደግሞ እንደ ቆዳው ውፍረትና እንደ እጁ አሠራር ይበዛሉ ወይም ያንሳሉ። ሠርግም ፍቺም ቆዳን አያጥፍም።

አሁንም የሚጠራጠር ቢኖር ራሱ ይፈትን። በዕድሜ የገፉ 20 ሰዎችን ፈቃድ ጠይቆ፣ ሁለት ጓደኞች ሳይነጋገሩ የየሰዉን መስመር ቈጥረው በወረቀት ይጻፉ። ስንት ጊዜ እንዳገቡ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከጋብቻው ቍጥር በፊት የሚታየው፣ ሁለቱ ቈጣሪዎች እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው። የትኛው ሽብሽብ መስመር፣ የትኛው ተራ እጥፋት እንደሆነ መስማማት ካልቻሉ፣ የታጨችውን ልጅ የሚያስፈራራ ቍጥር ከየት ይመጣል?