የሕፃናት ሙቀት ከየት ይለካል? ጆሮ፣ አፍ፣ ፊንጢጣ እና የውስጥ አካል ሙቀት

በአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ የሚተዳደር የሕፃናት ማቆያ በጎበኘንበት ዕለት፣ ብርዱ ገና ባልለቀቀበት ማለዳ፣ አንዲት የሃያ ወር ሕፃን በአንቀልባ ታዝላ ደረሰች። እናቲቱ «ሌሊቱን ስታቃስት አደረች፤ ገላዋም ይፋጃል» አለች። ተንከባካቢዋ በጆሮ የሚለካውን ቴርሞሜትር አውጥታ በበሩ ላይ እንደ ቆሙ ለካች። ግራው ጆሮ 36.9፣ ቀኙ 37.6 ዲግሪ አሳየ። በመዝገቡም ላይ «ትኩሳት የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ቤተሰቡ ከቆላ የአዝመራ ሥራ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበርና ሕፃኗ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ አደረግን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲስተሯ በብብት ስትለካት 37.9 ሆነ። ከማቆያው የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ጋር አልስማማ ስላላት በፊንጢጣ ደግማ ለካች፤ 38.7 ወጣ። የደም ምርመራውም ወባ መሆኑን አሳየ። አንዲት ሕፃን፣ አንድ ማለዳ፣ አራት ቁጥር። የትኛው ነው እውነተኛው? በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህን ነው።

በመጀመሪያ «የውስጥ አካል ሙቀት» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንይ። አእምሮ፣ ልብ፣ ጉበትና ሌሎች በጥልቀት ያሉ ብልቶች የሚገኙበት ሙቀት ነው። ይህን የሚቆጣጠረው በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ነው። ትኩሳት የሚባለውም ይህ ክፍል በሕመም ምክንያት መጠኑን ከፍ አድርጎ ሲወስን የሚሆነው ነው። ሐኪሞች እንደ መመዘኛ የሚቆጥሩት ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ያለውን የደም ሙቀት ነው፤ ይህ ደም ከመላው አካል ተሰብስቦ የተቀላቀለ ነውና። እርሱን ለመለካት ግን ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ማስገባት ያስፈልጋል። ይህም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቻ የሚደረግ ነው። ስለዚህ ጆሮም ሆነ አፍ ወይም ፊንጢጣ የዚያ ሙቀት ምስክሮች እንጂ ራሱ ሙቀቱ አይደሉም። እያንዳንዱ ምስክር ደግሞ የራሱ ድክመት አለው።

ከሦስቱ ለውስጡ ሙቀት ይበልጥ የሚቀርበው ፊንጢጣ ነው። ቦታው የተሸፈነ ስለ ሆነ ነፋስና ብርድ አይደርስበትም፤ ሕፃኑ ጠጣ፣ አለቀሰ ወይም በአፉ ተነፈሰ የሚለወጥ ነገር የለም። ሙቀቱ ተረጋግቶ በቆየ ሕፃን ላይ በልብና በሳንባ መካከል ካለው ደም ጥቂት አሥረኛ ዲግሪ ከፍ ቢል እንጂ ብዙ አይርቅም። ድክመቱ መዘግየቱ ነው። ትኩሳት በድንገት ሲወጣ፣ ሕፃኑ ሲንቀጠቀጥና እጅ እግሩ ሲቀዘቅዝ፣ የደሙ ሙቀት አስቀድሞ ይወጣል፤ ፊንጢጣው ግን ደም በዝግታ የሚመላለስበት ቦታ ነውና ወደ ኋላ ይቀራል። መድኃኒት ተሰጥቶ ትኩሳቱ ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ በርዶ ሳለ ቁጥሩ ገና ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፓራሲታሞል ከዋጠ ጥቂት ቆይቶ የተለካን ሕፃን «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕፃኑ በአሳዳጊው ጭን ላይ በሆዱ ይተኛል፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ በቫዝሊን ይለሰልሳል፤ ከዚያም ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ብቻ ይገባል። የሚገታው ነገር ካለ አይገፋም። ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ሕፃኑ እንዳይላወስ በእጅ ይደገፋል። ተቅማጥ ያለበት፣ በቦታው ቁስል ወይም ቀዶ ሕክምና ያለበት፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሕፃን በዚህ መንገድ አይለካም። ለዚህ ሥራ የተለየው ቴርሞሜትርም ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጣል። በእኛ አስተያየት ይህ የማቆያ ሠራተኛ ሥራ ሳይሆን የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ የሕፃኑንም ክብር መጠበቅ ስለሚገባ ወላጅ ባለበት ይደረግ።

ወደ ጆሮ እንምጣ፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ ነውና። የጆሮ ቴርሞሜትር የሚነካው ነገር የለም። ከጆሮ ታምቡር የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር በቅጽበት ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ታምቡሩ ወደ አንጎል ከሚሄዱት የአንገት ደም ሥሮች ቅርንጫፍ ደም ያገኛልና የውስጡን ለውጥ ከፊንጢጣ ፈጥኖ ያሳያል። ችግሩ መሣሪያው የሚያየው ወደ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መሆኑ ነው። የትንሽ ሕፃን የጆሮ ቦይ ጠባብና ጠማማ ነው። ቦዩ ካልተቃና ጨረሩ የሚመጣው ከታምቡሩ ሳይሆን ከቦዩ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም ከታምቡሩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በጆሮ የሚፈጠር ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች የሚያሳንስ ነው። አደጋውም ይህ ነው፤ የታመመውን ጤነኛ ያስመስላል።

ዓመት ያለፈውን ሕፃን ስንለካ ጆሮውን በቀስታ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበን ቦዩን እናቃናለን፤ የመሣሪያውንም ጫፍ በተቃራኒው ዐይን አቅጣጫ እናነጣጥራለን። ኩክ የሞላው ጆሮ ታምቡሩን ይጋርዳል። የመሣሪያው መስታወት በኩክ ወይም በጣት ቅባት ከቆሸሸም ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። ከብርድ የገባ ሕፃን በቤት ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይቆይ አይለካም። ተኝቶ በትራስ የተጫነው ጆሮ ደግሞ ከልኩ በላይ ይሞቃልና ሌላውን ጆሮ መለካት ወይም ጥቂት መጠበቅ ይሻላል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ቦዩ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ በጆሮ መለካት አይመከርም።

ይህ ሁሉ ቢደረግ እንኳ ጆሮና ፊንጢጣ አንድ ቁጥር አይሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2002 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ ሁለቱን በሕፃናት ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። በአማካይ የጆሮው ቁጥር ከፊንጢጣው 0.3 ዲግሪ ያህል ያንሳል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው 0.3 ጨምሬ አስተካክላለሁ» ሊል ይችላል። ነገር ግን አማካዩ የሚጠቅመው ለብዙዎች ድምር እንጂ ለአንድ ሕፃን አይደለም። በዚያው ግምገማ መሠረት በአንድ ሕፃን ላይ የጆሮው ቁጥር ከፊንጢጣው 1.3 ዲግሪ ያህል ሊያንስ፣ 0.7 ያህልም ሊበልጥ ይችላል። ይህን ያህል የሚዋዥቅን ልዩነት በመደመር ማቃናት አይቻልም። በተጨማሪም አንዳንድ የጆሮ ቴርሞሜትሮች ራሳቸው ጨምረው «እንደ አፍ» ወይም «እንደ ፊንጢጣ» አድርገው እንዲያሳዩ የተሠሩ ናቸው። መመሪያ ወረቀቱን ያላነበበ ሰው በተደመረው ላይ ደግሞ ይደምራል ማለት ነው።

ስለ አፍ የምንለው አጭር ነው። ጫፉ ከምላስ በታች፣ በጎን ባለው ጉድጓድ ተቀምጦ ከንፈር ተገጥሞ ሲቆይ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከፊንጢጣም ከ0.3 እስከ 0.6 ዲግሪ ያህል ያንሳል። ነገር ግን የሁለት ዓመት ሕፃን አፉን ገጥሞ ምላሱን አሳርፎ አይቆይም። ያለቅሳል፣ በአፉ ይተነፍሳል፣ ይነክሳል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የጠጣው ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ትኩስ አጥሚትም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ስለዚህ አራት ዓመት ሳይሞላ በአፍ መለካት ቁጥር እንጂ ዕውቀት አይሰጥም። የመስታወት ቴርሞሜትርማ በሕፃን አፍ ፈጽሞ አይገባም።

የአገሮች መመሪያም በዚህ ነገር አንድ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሦስት ዓመት ላልሞላቸው የፊንጢጣውን ልኬት ያስቀድማል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ግን ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ፊንጢጣውንም አፉንም በዘወትር ልማድ እንዳንጠቀም ይከለክልና ብብትን ወይም ጆሮን ይመርጣል። አንደኛው ትክክለኛነትን ሲያስቀድም ሌላው የሕፃኑን ምቾትና ደኅንነት አስቀድሞ ነው እንጂ በሳይንሱ የተጣሉ አይደሉም። በአገራችን የጤና ጣቢያዎች የሚሠሩበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነውን ትኩሳት ይለዋል፤ በፊንጢጣ ሲሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ጨምሮ 38 ይሆናል። ይኸው መመሪያ እናት «ትኩሳት ነበረው» ካለች ወይም ገላው ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ትኩሳት እንዳለ አድርጎ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደዚያች ሕፃን እንመለስ። በጤና ጣቢያው ሳለን፣ ሕፃኗም በቤት ውስጥ ሞቃ ከቆየች በኋላ፣ ሲስተሯ ያንኑ የማቆያውን መሣሪያ ተቀብላ መስታወቱን በአልኮል ጥጥ ጠረገችና ጆሮዋን ስባ ለካች። 38.3 ሆነ። ይህ ከፊንጢጣው 38.7 ጋር ሲተያይ የ0.4 ልዩነት ነው፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የሚጠበቅ ነው። ማለዳ ላይ የታየውስ? ፊንጢጣው 38.7 በሆነ ሕፃን ላይ የጆሮው ቁጥር እስከ 37.4 ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ከላይ ካየነው ይወጣል። ስለዚህ የቀኙ ጆሮ 37.6 እንግዳ ነገር አይደለም። የግራው 36.9 ግን ከዚያ በታች ነው። ነገሩን መለስ ብለን ስናስታውስ ሕፃኗ በአንቀልባ ሳለች ቀኝ ጆሮዋ በእናቷ ጀርባ ተደግፎ ግራው ለብርዱ ተጋልጦ ነበር፤ የተለካችውም በበሩ ላይ ቆማ፣ በቆሸሸ መስታወት፣ ጆሮዋ ሳይሳብ ነበር። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ራሱ ጨምሮ ሊሆን ይችላልና ልዩነቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ አንጭንም። ነገር ግን ሁለቱ ጆሮዎች በ0.7 መለያየታቸው ብቻውን «ደግመህ ለካ» የሚል ምልክት ነበር፤ እኛም በዚያ ቆመን ሳለን አላስተዋልነውም።

በማቆያው መዝገብ ላይ «ሙቀት» የሚለው አንድ ዓምድ ከዚያ ወዲህ በአራት ተከፍሏል፤ ቁጥሩ፣ የተለካበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ እናቲቱ የተናገረችው። «ትኩሳት የለም» የሚለው ቃል ከመዝገቡ ወጥቷል። ጆሮው ዝቅ ብሎ እናቲቱ «ይፋጃል» ካለች፣ ሕፃኑ አሥራ አምስት ደቂቃ በቤት ውስጥ ይቆይና በሁለቱም ጆሮ ይለካል፤ ከፍተኛው ቁጥር ይጻፋል፤ ዝቅ ብሎ ቢቀርም ወደ ጤና ጣቢያ የሚላከው ወረቀት የእናቲቱን ቃል ይዞ ይሄዳል።