የአንዱ ክፍል ሥራ የሌላውን እንዳያግድ፤ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ መኪና ተከላ ምሳሌነት የቀረበ ጥናት

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚዘራው በሰኔ ዝናም ሲሆን፣ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ በወረታ ከተማ አዲስ የመፈልፈያ መኪና ለማቆም ያሰበ ነጋዴ ሊያራዝመው የማይችል ቀን አለበት። መኪናው ኅዳር 15 ቀን ሥራ ካልጀመረ፣ የመኸሩ ዋና ገበያ ወደ ሌላ መፈልፈያ ይሄዳል።

ሥራው ግን በአንድ ሰው እጅ ያለ አይደለም። ግዢውን የሚፈጽመው ሰው፣ ባንኩ፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ መሠረቱን የሚሠራው ግንበኛና የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ያውቃሉ። መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው በአንዱ ድርሻ ውስጥ ሳይሆን፣ ሰነድ ወይም ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ስፍራ ነው፤ ይህን መሻገሪያ የሚጠብቀው ሰው የለምና።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። የግዢው ሠራተኛ መኪናው ከውጭ አገር ወረታ ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል ብሎ ገምቷል እንበል። መኪናው መስከረም 20 ቀን እንዲደርስ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሰኔ 15 ቢከፈት በቂ ነው ብሎ ይጽፋል። ተከላው ሦስት ሳምንት፣ ሙከራው አንድ ሳምንት ቢወስድ ጥቅምት 18 ያልቃል፤ አራት ሳምንት ያህልም መጠባበቂያ ይተርፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሒሳቡ የሚነቀፍ አይደለም።

ግንበኛው ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ኮንክሪቱ ግንቦት 20 መፍሰስ አለበት፤ ለዚህም የመኪናው እግርና የብሎኖቹ ቀዳዳ ልክ የተመለከተበት ንድፍ ግንቦት 1 በእጁ ሊገባ ይገባል። ፋብሪካው ደግሞ ክፍያው ካልተረጋገጠለት ንድፉን አይልክም፤ ከተረጋገጠለት በኋላም 10 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ የሚያስፈልገው ሰኔ 15 ሳይሆን ሚያዝያ 20 ነው። በሁለቱ መካከል 55 ቀን አለ፤ ልዩነቱ የተሰወረውም ግንበኛውና ባንኩ ፈጽሞ ስለማይገናኙ ነው።

ንድፉ በጊዜው ካልደረሰ ቁፋሮው አፈሩ እስኪጠነክር ወደ ጥቅምት ይተላለፋል። ኮንክሪቱ ጥቅምት 20 ቢፈስና የተለመደውን 28 ቀን ቢጠብቅ ኅዳር 18 ይሆናል። ተከላውና ሙከራው ሲጨመርበት ታኅሣሥ 16 ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናው ከመስከረም ጀምሮ በሸራ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ይህን አስቀድሞ የሚያሳይ መዝገብ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚጻፍበት ሥራው ሳይሆን ርክክቡ ነው፦ የሚተላለፈው ነገር፣ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ተቀባዩ የሚፈልግበት የመጨረሻ ቀን፣ ሰጪው ተስፋ የሰጠበት ቀን። የመጨረሻው ቀን ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ ተጠይቆ የሚሞላ ሲሆን፣ አሞላሉም ከኅዳር 15 ወደ ኋላ እየተቈጠረ ነው። ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ተስፋው ከሚፈለግበት ቀን ያለፈበት መሥመር ሁሉ ገና ማንም ሳይዘገይ የታገደ ሥራ መኖሩን ይናገራል።

መዝገቡን የሚይዘው ሰው በየሳምንቱ ሰኞ ሲጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን መልስ እንደ ማስረጃ ሊቀበለው አይገባም። ማስረጃ የሚባለው የማመልከቻው ቊጥር፣ የገባበት ቀን ወይም የተረካቢው ፊርማ ነው። ለትራንስፎርማር «አመልክተናል» ያለ ሠራተኛ የመዝገብ ቊጥር ማሳየት ካልቻለ፣ ያ መሥመር በዚያው ቀን በቀይ ይጻፋል። ቀይ ቀለም የቅጣት ምልክት መስሎ ከታየ ግን ሠራተኛው ችግሩን መደበቅ ይለምዳል፤ መዝገቡም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንቱ ነው።

ዘገየ ማለትና ታገደ ማለትም አንድ አይደሉም። የዘገየውን ሠራተኛ ሰው በመጨመር ማፋጠን ይቻላል፤ ንድፍ የሚጠብቅ ግንበኛ ግን አሥር ቀን ሠራተኛ ቢጨመርለት የሚያፈሰው ኮንክሪት የለውም። ለታገደው መድኃኒቱ የሚገኘው ከሰጪው ዘንድ ነው።

በምሳሌው ነጋዴ ልዩነቱን የካቲት ላይ ቢያየው ሁለት መንገድ ይኖረዋል። አንደኛው፣ ውሉ ሳይፈረም ንድፉ ከፊርማው በኋላ በ10 ቀን እንዲላክ በፕሮፎርማ ኢንቮይሱ ውስጥ ማስጻፍ ነው፤ ይህ ግንበኛውን ከባንኩ ጥበቃ ነጻ ያወጣዋል፣ ለነጋዴውም ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም አያስወጣውም። ሁለተኛው የባንኩን ጉዳይ ማስቀደም ነው፤ የውጭ ምንዛሪ በጊዜው መገኘቱ ግን በነጋዴው እጅ ስላልሆነ፣ መዝገቡ የሚያስታውቀው እንጂ የሚያስገኘው አይደለም። ጉዳዩ የታወቀው ግንቦት 15 ከሆነ ሁለቱም መንገዶች ተዘግተዋል፤ የሚቀረው ለመኸሩ የሚሆን መፈልፈያ በወረታ መከራየት ነው፤ እሱንም ቢሆን ሌሎች ነጋዴዎች ሳይቀድሙ በክረምቱ መዋዋል ይሻላል።